5'11" እና 5.11 ለየቅል ናቸው

«አሜሪካ ባወጣሁት መንጃ ፈቃድ ላይ ቁመቴ 5'11" ይላል። የአገር ቤቱ ፎርም ግን በሴንቲሜትር ሙላ ይለኛል። ስልኬ ላይ 5.11 ፉት ብዬ ሳስገባ 155.75 አለኝ። ይሄን ልጻፍ?»

አትጻፈው ወንድሜ። 180 ብለህ ሙላ።

ስልክህ አልተሳሳተም፣ 5.11 ፉት 155.75 ሴንቲሜትር ነው። አንተ ግን አምስት ፉት ከአስራ አንድ ኢንች ነህ።

ውጭ ስኖር ይሄን ነገር በብዙ ሰው ላይ ታዝቤዋለሁ። አገር ቤት ቁመት በሜትር ነው። አንድ ሜትር ከሰማንያ እንላለን፣ 1.80 ብለን እንጽፋለን፣ ነጥቧን ስናነሳት 180 ሴንቲሜትር ይሆናል። እጃችን ነጥብ ለምዷል። አሜሪካ ውስጥ ግን አንድ ፉት 12 ኢንች ነው። ስለዚህ ከጭረቷ በኋላ ያለው ቁጥር ራሱን የቻለ ሌላ መለኪያ ነው፣ ከዜሮ እስከ 11 ይሄድና ፉቱ ይጨምራል። ልክ 5 ሰዓት ከ11 ደቂቃ 5.11 ሰዓት እንደማይባለው ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ኢንች ቀይር፣ ከዚያ በ2.54 አባዛ፦

```
5 × 12 + 11 = 71
71 × 2.54 = 180.34
```

2.54 ግምት አይደለም። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳና ሌሎች አገሮች እ.ኤ.አ. በ1959 የተስማሙበት ትክክለኛ ልክ ነው። «ሁለት ተኩል ነው» ብለህ ብታቀልለው 177.5 ይወጣልሃል። ሦስት ሴንቲሜትር ገደማ በከንቱ ጠፋ ማለት ነው።

ያንተ ስህተት ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ 5'7" የሆነ ሰው ነው። 5.7 ብሎ ሲያስገባ 173.7 ይወጣለታል፣ ትክክለኛው ግን 170 ነው። 174 ብሎ ቢሞላ ማንም አይጠረጥርም፣ እሱም ራሱ አይነቃም።

ለማጣራት ሁለት ቁጥር ያዝ። አምስት ፉት 152 ሴንቲሜትር ግድም ነው፣ ስድስት ፉት ደግሞ 183። አንተ ለስድስት ፉት አንድ ኢንች ብቻ ነው የቀረህ፣ ስለዚህ መልስህ 183 አካባቢ መሆን አለበት። 155 ግን አምስት ፉት ጥግ ላይ ነው ያለው። ለ5'7" ይሄ ብቻውን አይበቃም፣ ያገኘኸውን ለ2.54 አካፍለህ ወደ ኋላ ተመለስ። 170 ሲካፈል 67 ኢንች ገደማ ይመጣል፣ እሱም አምስት ፉት ከሰባት ነው። 174 ግን 68.5 ይሰጥሃል፣ አንድ ኢንች ተኩል ተርፏል።

ነጥብ 34ቷን ተዋት። መንጃ ፈቃድህ የሚጽፈው በሙሉ ኢንች ነው፣ አንድ ኢንች ደግሞ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ከነጥብ በኋላ ያለው ትርጉም የለውም። ፎርሙ በሜትር ከጠየቀህ 1.80፣ በሴንቲሜትር ከሆነ 180። ሌላም ፎርም ካለህ እዚያም ይችኑ ቁጥር ጻፍ።