ዓለም ጅማሬ ባይኖረውስ?

«ሁሉ ነገር ፈጣሪ ካለው፣ ፈጣሪን ማን ፈጠረው?»

የጥንቶቹ ሊቃውንት ግን «ሁሉ ነገር» አላሉም። ሙስሊሙ ሊቅ አል ጋዛሊ ያለው «ጅማሬ ያለው ሁሉ አስገኚ አለው» ነው። ሙስሊሙ ፈላስፋ ኢብን ሲና ደግሞ ጅማሬን ትቶ፣ ላይኖር ይችል የነበረ ነገር ለምን እንዳለ ጠየቀ፤ መልሱም አለመኖር የማይችል፣ በራሱ የቆመ ህላዌ ነው አለ። ሁለቱ መንገዶች ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ፤ ለእኔ ግን ጠንካራው የኢብን ሲና ነው።

አል ጋዛሊ እ.ኤ.አ. በ1095 ፈላስፎችን ሲሞግት ከሰማይ ዑደት ተነሣ። በዘመኑ ሥነ ፈለክ ፀሐይ በዓመት አንዴ፣ ሳተርን በ30 ዓመት አንዴ ይዞራሉ። ዓለም ጅማሬ ከሌለው የሁለቱም ዙር ማለቂያ የለውም፤ የፀሐይ ግን የሳተርንን 30 እጥፍ መሆን አለበት። ማለቂያ የሌለው ነገር ከሌላ ማለቂያ ከሌለው እንዴት ይበልጣል? ስለዚህ ዓለም ጀምሯል አለ። (እስክንድርያዊው ክርስቲያን ዮሐንስ ፊሎጶኖስ ይህንኑ ሙግት በ6ኛው ክፍለ ዘመን አቅርቦት ነበር።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሒሳብ ሊቁ ካንቶር ይህን አላላው። 1ን ከ2፣ 2ን ከ4፣ 3ን ከ6 ጋር እያጣመርን ብንቀጥል ያለ ጥንድ የሚቀር ቁጥር የለም። ተጋማሽ ቁጥሮች ከሁሉም ቁጥሮች አያንሱም ማለት ነው፤ ነገሩ ይገርማል እንጂ እርስ በርሱ አይጋጭም። በሳይንስ መደገፍም የራሱ አደጋ አለው። በ1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የዓለምን መስፋፋት ለፍጥረት ምስክር አድርገው ሲያቀርቡ፣ የንድፈ ሐሳቡ አባት የሆነው ቄስ ዦርዥ ለሜትር ራሱ አልወደደውም።

ኢብን ሲና ይህ ሁሉ አያስጨንቀውም። ዓለም ከዘላለም የኖረ ይሁን፣ ጥያቄው አይነቃነቅም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትስ በ1697 ባቀረበው ምሳሌ፣ አንድ መጽሐፍ ከቅጂ፣ ያም ከሌላ ቅጂ ያለ መጨረሻ ቢገለበጥ፣ እያንዳንዱ ቅጂ ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ መጽሐፉ መጀመሪያውኑ ለምን እንዳለ ግን አንዱም ቅጂ አይነግረንም።

እምነት የለሹ ፈላስፋ በርትራንድ ራስል በ1948 ከካቶሊኩ ቄስ ኮፕልስተን ጋር በቢቢሲ ሲከራከር «እያንዳንዱ ሰው እናት አለው፤ የሰው ዘር ግን እናት የለውም» የሚል መልስ ሰጠ። ከክፍሎቹ ጠባይ ተነሥቶ በጠቅላላው ላይ ለሚፈርድ ሰው መልሱ ልክ ነው። ኢብን ሲናን ግን አያገኘውም፤ የእሱ ነጥብ፣ ከክፍሎቹ የተገነባ ጠቅላላ ያለ ክፍሎቹ ሊኖር ስለማይችል በራሱ የቆመ አይደለም የሚል ነው።

ይልቅ የሚከብደው ራስል ዓለም እንዲሁ አለ፣ በቃ ማለቱ ነው። ይህን የሚል ሰው በአመክንዮ አይረታም፤ ምክንያት መጠየቅን ግን ራሱ በመረጠው ቦታ ላይ አቁሟል፣ ለምን እዚያ እንደቆመም አይነግረንም። አማኙም ቢሆን ገና ይቀረዋል፤ በራሱ የቆመ ህላዌ አለ ማለት ጸሎት የሚሰማ አምላክ አለ ማለት አይደለምና። ኢብን ሲና ራሱ ያ ህላዌ አንድና ዐዋቂ መሆኑን ለማሳየት ሌላ ረጅም ሙግት አስፈልጎታል።