ቤቱን ከመከራየትሽ በፊት ፈቃዱን ጠይቂ

«የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሦስት ነገር አስቤያለሁ፦ በርበሬና ሽሮ አሽጎ መሸጥ፣ መድኃኒት መደብር መክፈት ወይም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ። ያለኝ ብር የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው። የቱን ልምረጥ?»

እህቴ፣ ስለ ትርፉ ከማውራታችን በፊት ሦስቱን በአንድ ጥያቄ እንለያቸው። ለንግድ ፈቃዱ የብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቅባቸው የትኞቹ ናቸው?

በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ነጋዴ ሁሉ ይመዘገባል፣ ፈቃድም ያወጣል። እዚህ ላይ ሦስቱም እኩል ናቸው። አንዳንድ ሥራዎች ግን ከፈቃዱ በፊት ሌላ ወረቀት፣ ማለትም የብቃት ማረጋገጫውን፣ ይፈልጋሉ። ይህን ወረቀት የሚሰጠው የዘርፉ መሥሪያ ቤት ነው፤ ለምግብና ለመድኃኒት የጤና ተቆጣጣሪው ማለት ነው። እሱ ደግሞ ቤቱን፣ ዕቃውንና ባለሙያውን ሳያይ አይፈርምም። ስለዚህ ቤቱ ቀድሞ መከራየትና መሟላት አለበት። አንድ ብር ሳትሸጪ ኪራዩ መቁጠር ይጀምራል። እኔ ይህን ወጪ ከማሽኑ ዋጋ በላይ እፈራዋለሁ፤ ማሽኑ ቢያንስ ተመልሶ ይሸጣል።

በርበሬው ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው «የበርበሬ ሥራ» ብሎ ያስባል፤ ፈቃዱ የሚወጣው ግን በበርበሬው ላይ ለምትሠሪው ነገር ነው። የታሸገ በርበሬ ከአምራች ገዝተሽ በሱቅ ብትሸጪ ችርቻሮ ነው። ሰው ያመጣውን ዛላ እያስከፈልሽ ብትፈጪ ወፍጮ ቤት ነው፤ እዚያ ጭቅጭቁ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይልና ስለ ድምፅ፣ ስለ ጎረቤት ቤት የሚገባው ብናኝም ይሆናል። ዛላውን ራስሽ ገዝተሽ፣ ቀንጥሰሽ፣ ፈጭተሽና አሽገሽ በራስሽ ስም ብታወጪው ግን ምግብ አምራች ሆንሽ። ያው በርበሬ ነው፤ የምታንኳኪው በር ግን ይለያያል። ዓሣም እንዲሁ ነው። ሐይቁ ላይ ለንግድ ለማስገር የዓሣ ሀብት አዋጁ፣ ቁጥር 315/1995፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዶ ከአስጋሪዎች ገዝቶ ጠብሶ መሸጥ ደግሞ የምግብ ቤት ሥራ ነው።

አምራች ስትሆኚ ተቆጣጣሪው ምን ያያል? ጥሬው ዛላ የሚቀመጥበት፣ የሚቀነጠስበት፣ የሚፈጭበትና የሚታሸግበት ቦታ መለያየቱን ያያል። ያልታጠበው ካለቀለት ምርት ጋር እንዳይገናኝ ነው። ወለሉና ግድግዳው የሚታጠብ መሆን አለበት። ውኃ፣ የእጅ መታጠቢያና ሽንት ቤት መኖራቸውን ያያል፤ የሽንት ቤቱ በር ወደ ማምረቻው መከፈት የለበትም። ሠራተኞችሽ የጤና ምርመራ ወረቀት ይጠየቃሉ። ማሸጊያው ላይ የምርቱ ስም፣ የተጣራ ክብደቱ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የምርት መለያ ቁጥርና የአምራቹ አድራሻ ይጻፋል። እንግዲህ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ይህን ሁሉ አትችልም።

ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ይሻግታል። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ወጥ ውስጥ ስለበሰለም አይጠፋም። ዛላው ቀይና ቆንጆ መስሎ ውስጡ ፍሬው ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ማድረቂያውና ማከማቻው ከወፍጮው እኩል ሊታሰብባቸው ይገባል።

አሁን ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። ኪራዩ በወር 20,000 ብር ነው እንበል። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቀሽ፤ 120,000 ብር ከፈልሽ። ክፍልፋዩን ለማሠራት፣ ሴራሚክ ለማስነጠፍና ውኃ ለማስገባት ሁለት ወር ሄደ። ተቆጣጣሪው መጥቶ የማጠቢያው ቦታ አይበቃም አለ፤ አስተካክለሽ እንደገና እስኪያይ ሌላ አንድ ወር አለፈ። ኪራዩ ብቻ 60,000 ብር በልቷል፤ ገና ምንም አልሸጥሽም። ያንኑ ቤት ለጽሕፈት መሣሪያ ብትይዢው ፈቃዱ በእጅሽ እንደገባ ደብተርና እስክሪብቶ ደርድረሽ ትከፍቻለሽ። ትርፉ ከበርበሬው ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ሳትሸጪ ኪራይ የምትከፍዪበት ጊዜ ግን አጭር ነው።

መድኃኒት መደብሩ ላይ ትልቁ ጥያቄ ሰው ነው። አንቺ የፋርማሲ ባለሙያ ካልሆንሽ፣ የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው መቅጠር ግድ ነው። ቀድሞ ከሚሠራበት ቦታ መልቀቂያ ሊጠየቅም ይችላል። ደመወዙ የሚጀምረው ሱቁ ሳይከፈት ነው። እሱ በለቀቀ ቀን ደግሞ ተተኪ እስክታገኚ ሥራሽ ይቆማል። አንዳንዱ የባለሙያ ወረቀት ተከራይቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅልና መድኃኒቱን ሌላ ሰው ይሸጣል። እባክሽ ወደዚህ አትግቢ። የተሳሳተ መጠን ይዛ የምትሄደው የሰው እናት ናት።

ታዲያ እንዴት ይጣራል? ለእያንዳንዱ ሐሳብ የምትሠሪውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፦ ከማን እንደምትገዢ፣ ምን እንደምታደርጊበት፣ ለማን እንደምትሸጪ። ከዚያ etrade.gov.et ላይ ገብተሽ የሚመስለውን የንግድ መደብ ፈልጊ። መደቦቹና መስፈርቶቹ በመመሪያ ስለሚሻሻሉ፣ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን የድሮ ዝርዝር አትመኚው። ቀጥሎ ክፍለ ከተማሽ ያለው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ መደቡን አረጋግጪ፤ የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቅ ከሆነም የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚሰጠው ጠይቂ። እዚያ ሄደሽ የመስፈርቱን ወረቀት በእጅሽ ይዘሽ ውጪ። የቃል መልስ አይበቃም፤ ሰውየው ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። ምርትሽን አዲስ አበባ ድረስ ለመላክ ካሰብሽ ይህንንም ንገሪያቸው፤ ከክልሉ የሚወጣ ምርት የሚቆጣጠረው አካል ሌላ ሊሆን ይችላል።

ቤት ስትፈልጊ የመስፈርቱን ወረቀት ይዘሽ ዙሪ። ሜትርም ያዢ። የኪራይ ውሉ ላይ «ቤቱ የብቃት ማረጋገጫ ካላገኘ ውሉ ይፈርሳል፣ ቀሪው ቅድሚያ ክፍያ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ እንዲገባ ተደራደሪ። ሁሉም አከራይ እሺ አይልም። እሺ የሚለውን ግን ሁለት ቀን ጨምሮ መፈለግ ያዋጣል።

ለመሥሪያ ቤቶቹም የምለው አለኝ። መስፈርቱ ዜጋው ውል ይዞ ሲመጣ የሚነገረው ነገር መሆን የለበትም። በየመደቡ ተጽፎ በራፉ ላይ ይለጠፍ። ተቆጣጣሪው ውል ከመፈረሙ በፊት የቤቱን ንድፍ አይቶ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ቢል፣ የስንቱ ወጣት ቁጠባ በሴራሚክ ሳይቀበር ይተርፍ ነበር።

ወደ አንቺ ልመለስ። ከዕቃና ከማሽን ውጪ የአራት ወር ኪራይና ደመወዝ የሚችል ብር ካለሽ በርበሬውን አስቢበት። ከሌለሽ ፈቃድ ያለው አምራች ያሸገውን በእሱ ስም እየሸጥሽ ገበያውን እወቂ፤ ይህ ችርቻሮ ነው። መድኃኒት መደብሩን፣ ባለሙያው አንቺ ወይም የቤተሰብሽ ሰው ካልሆነ፣ አልመክርሽም። የጽሕፈት መሣሪያውን ከመረጥሽ ደግሞ ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ጽሕፈት ጎን ለጎን ማስገባትሽ አይቀርም። እሱ አገልግሎት ነው፤ ደብተር ከመቸርቸር የተለየ መደብ ሊኖረው ስለሚችል በዚያው ቀን አብረሽ ጠይቂ።