ለአለቃ የሚነገረው ቀኑ ነው፤ የበሽታው ስም አይደለም

«የአእምሮ ሐኪም የሁለት ሳምንት ዕረፍት ጽፎልኛል። አለቃዬ ‹ምን ሆነሽ ነው?› ቢለኝ ምን ልመልስ? ብዋሽ ይታወቅብኛል፤ ብናገር ቢሮው ሁሉ ይሰማል።»

ጠያቂዋ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። እኔ ደግሞ የሕመም ፈቃድ ወረቀት ስቀበል ዓመታት ያሳለፍሁ የሰው ሀብት ሠራተኛ ነኝ። በዚያ ወንበር ላይ ሆኜ እንዳየሁት ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመናገሩ ወይም ዝም በማለቱ አይደለም፤ ሌላ በሽታ ፈጥሮ በመናገሩ ነው። «ታይፎይድ ነው» ይላል። በሦስተኛው ቀን የሥራ ባልደረቦቹ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት ቤቱ ይመጣሉ፤ መድኃኒቱን፣ ምርመራውን፣ ያከመውን ሐኪም ይጠይቁታል። በመጨረሻ የሚያመጣው ማስረጃ ከተናገረው ጋር አይገጥምም። ያን ጊዜ ጥያቄው ከሕመሙ ወደ ታማኝነቱ ይዞራል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛው የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው። አሠሪው ካላወቀ በቀር፣ ማሳወቅም የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ በቀረበት ማግስት ማሳወቅና እውቅና ካለው የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማቅረብ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት 2 ወራት ግማሽ፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የበሽታውን ስም ለቅርብ አለቃ ንገር የሚል ግን የለበትም። ማሳወቅ ሌላ፣ መናዘዝ ሌላ።

ስለዚህ ለዘመናት ስናነበው የኖርነውን «ድንገተኛ ችግር ገጥሞኝ» የሚል መልእክት ተይው አልኋት። ማብራሪያ የሚጠራው እሱ ነው። አብረን የጻፍነው ይህን ነበር፦

«እንደምን አደሩ። ታምሜ በሕክምና ላይ ስለሆንሁ ዛሬ ሥራ አልገባም። ሐኪሜ ከኅዳር 8 እስከ 21 ዕረፍት አዝዞልኛል፤ ማስረጃውን ነገ ለሰው ሀብት ክፍል አደርሳለሁ። የደመወዝ ዝርዝሩ አልቋል። የባንክ ማስታረቂያው የቀረው የጥቅምት ብቻ ነው፤ ሰነዶቹ በጠረጴዛዬ ላይ ባለው ሰማያዊ ፋይል ውስጥ አሉ።»

አለቃ በጠዋት የሚያስጨንቀው ሥራው በማን እጅ ይሆናል የሚለው ነው። ያ ከተመለሰለት ጥያቄው ግማሽ ይቀንሳል።

ቀሪው ግማሽ ባህላችን ነው። በእኛ ዘንድ «ምን ሆነሽ ነው?» ማለት ብዙውን ጊዜ ምርመራ ሳይሆን አክብሮት ነው፤ «የግል ጉዳዬ ነው» ብሎ መመለስ የሰውየውን ፊት ያጠቁራል። «ስላሰቡልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሕክምናው ተጀምሯል፤ ሐኪሙ ዕረፍት ካገኘሁ እንደምመለስ ነግሮኛል» ማለት ይበቃል። ደግሞ ቢጠይቅ ያንኑ በዚያው ቃል መድገም ነው። አዲስ ዝርዝር በተጨመረ ቁጥር አዲስ ጥያቄ ይወለዳል።

እውነተኛው ቀዳዳ አፍ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። በብዙ ተቋማት የሕመም ፈቃድ ቅጽ ላይ የበሽታው ስም የሚጻፍበት መስመር አለ። ስሙ ባይጻፍም እንኳ ማስረጃው ከአማኑኤል ሆስፒታል ከሆነ ማኅተሙ ብቻውን ይናገራል። ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ «ለሥራ ቦታ ስለሆነ ‹በሕክምና ላይ ናት፤ እስከዚህ ቀን ሥራ መሥራት አትችልም› ተብሎ ቢጻፍልኝ» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባለው ጠቅላላ ሆስፒታል የሚታከም ሰው ማኅተሙ አያስጨንቀውም። ሌላው ወረቀቱን በታሸገ ፖስታ አድርጎ ለሰው ሀብት ኃላፊ በእጅ ይስጥ፤ በአለቃው ጠረጴዛ በኩል አይለፍ። ኃላፊው ለአለቃው የሚያስተላልፈው ቀኖቹን ብቻ እንዲሆን በግልጽ ይጠይቅ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። የሙያ ጓደኞቼን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀቱን ፎቶ አንስተን በቴሌግራም ለክፍል ኃላፊው የምንልክ ሰዎች ነን።

ዝምታው ገደብ አለው። መድኃኒቱ እንቅልፍ የሚያመጣ ከሆነና ሰውየው ሾፌር ወይም የማሽን ሠራተኛ ከሆነ አለቃው ይህን ማወቅ አለበት። ያኔም የሚነገረው «በሐኪም ትእዛዝ ለአንድ ወር መኪና አልነዳም» የሚለው ነው። በየወሩ ቀጠሮ ያለውም ቀኑን አስቀድሞ ያስመዘግባል።

ኅዳር 22 ቀን ስትመለስ አለቃዋ «ተሻለሽ?» አላት። «ተመስገን፣ ተሽሎኛል» አለች። ሰማያዊውን ፋይል አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው፤ የጥቅምቱ ማስታረቂያ አሁንም አልተሠራም ነበር።