ካሜራ ያለበት ሁሉ ፓኖፕቲኮን አይደለም

«ጋሼ፣ ለሶሻል ቲዎሪ ኮርስ ስለ ሥራ ቦታ ቁጥጥር ወረቀት አለብኝ። ስታዲየም አካባቢ የምሠራበት ቢሮ ካሜራና የአሻራ ማሽን ገብቶለታል። ፓኖፕቲኮን ነው ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል?»

እንዲሁ ብቻ ከጻፍሽው አያስኬድም። መምህርሽ «የቱ ጋ ነው ፓኖፕቲኮን የሆነው?» ይልሻል።

ፓኖፕቲኮን ማለት ጠባቂ ከመሃል ሆኖ ሁሉንም የሚያይበት ሕንፃ ነው፤ ሐሳቡን ሰው የሚያውቀው በእስር ቤት ነው። መነሻው ግን ሥራ ቦታ ነው፤ ይህን ወረቀትሽ ላይ አስገቢው። የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የጄረሚ ቤንታም ወንድም ሳሙኤል ሩሲያ ውስጥ የልዑል ፖተምኪንን ሠራተኞች ያስተዳድር ነበር። ከመሃል ሆኖ ሁሉንም ለማየት የሚያስችል ሕንፃ ያሰበው እሱ ነው። ጄረሚ ሊጠይቀው ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1787 ስለ ሕንፃው ተከታታይ ደብዳቤ ጻፈ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ሕንፃ አንድ ነገር ለይቶ አወጣ። እስረኛው መሃል ላይ ያለውን የጠባቂ ማማ ሁልጊዜ ያያል፤ አሁን እየታየ ይሁን አይሁን ግን በፍጹም አያውቅም። ስለዚህ ራሱን በራሱ ይጠብቃል።

እስቲ ይህን ወደ ቢሮሽ እናምጣው። የአሻራ ማሽኑ መቼ እንደሚያይ ሁሉም ሰው ያውቃል። ጠዋት 2:30፣ ምሳ ሰዓት፣ ማታ 11:30። በመሃል ዕውር ነው። አሻራውን ሰጥቶ ማኪያቶ ሊጠጣ የሚወጣ ሰው እንዳለ አንቺው ነግረሽኛል። እርግጠኛ አለመሆን ከሌለ ማማው የለም ማለት ነው። ካሜራው ለፓኖፕቲኮን ይቀርባል፤ እሱም ቢሆን ሠራተኛው በሚያምነው ነገር ይወሰናል። ዕቃ ሲጠፋ ብቻ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሚታይ ሁሉም ካወቀ፣ ማስረጃ ማከማቻ ነው። «ካሜራው ያስጨንቅሃል?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሰው ክብሩን ጠብቆ «ኧረ ምን ያስጨንቀኛል» ይልሻል። ይልቅ የት ቆመው እንደሚያወሩ፣ ስልክ ለማንሳት ወዴት እንደሚሄዱ ተመልከቺ።

እኔ የምሠራበት መጋዘን ደግሞ በተቃራኒው ነው። እጄ ላይ ያለው ስካነር እያንዳንዱን ዕቃ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። «እያዩኝ ይሆን?» ብሎ መጠራጠር የለም፤ ሁሌም ተመዝግበሃል። በ2023 መጨረሻ የፈረንሳይ የግል መረጃ ተቆጣጣሪ በአማዞን የመጋዘን ድርጅት ላይ ቅጣት ጥሏል። ከከሰሰበት ነገር አንዱ ስካነር ከ10 ደቂቃ በላይ ሥራ ሲፈታ መመዝገቡ ነው። ሌላው ዕቃ ከቀደመው በ1.25 ሰከንድ ውስጥ ከተነበበ «ቸኮልክ» ብሎ ምልክት ማድረጉ ነው። ሲዘገይም ሲፈጥንም ይያዛል። ይህን ከቤንታም ማማ ይልቅ ሌላው ፈረንሳዊ ፈላስፋ ጂል ደሉዝ በ1990 ስለ ቁጥጥር ማኅበረሰብ፣ ማለትም ሰው ሳይዘጋበት ያለማቋረጥ ስለሚከታተሉበት ማኅበረሰብ፣ የጻፈው ይገልጸዋል።

ታዲያ ፉኮን እንተወው? በጭራሽ። ተማሪ ሁሉ ማማው ላይ ተንጠልጥሎ ሌሎቹን መሣሪያዎች ይረሳል። ስለ ዲሲፕሊን ሲጽፍ የዘረዘራቸው ሦስት ናቸው፦ ከላይ ወደ ታች የሚደረግ ምልከታ፣ ከልክ ጋር እያስተያዩ መፍረድ፣ እና ሁለቱን የሚያጣምረው ፈተና። ፈተናው ሰውን የሚመዘገብና ከሌላው ጋር የሚስተያይ ፋይል ያደርገዋል።

የአንቺ ቢሮ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። ወር ሲያልቅ የሰው ሀብት ክፍል የዘገዩትን ስምና ደቂቃ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል ብለሽኛል። ብዙ ከዘገየው ይጀምራል። ደመወዝ መቁረጥ ብቻ ቢሆን ተራ ቅጣት ነው። ዝርዝሩ ግን ሌላ ሥራ ይሠራል። አንዱን ከሌላው ያስተያያል፤ በደረጃ ያስቀምጣል፤ «ትክክለኛ ሠራተኛ» የሚባል ልክ ይፈጥራል። እኛም ጋ የቡድናችን ውጤት ስክሪን ላይ ይወጣል። ሰው አለቃው ሳይናገረው ከጎኑ ካለው ጋር ራሱን ሲለካ በየቀኑ አያለሁ፤ ያመኛል። የእኔ መጋዘንና የስታዲየሙ ቢሮ የሚገናኙት በዚህ ነው፤ በካሜራው አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፈርኒና ሜትካፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 የብሪታንያ የስልክ አገልግሎት ማዕከላትን ፍጹም ፓኖፕቲኮን ብለዋቸው ነበር። ቤይንና ቴይለር በ2000 መለሱላቸው፤ እዚያ ያሉት ሠራተኞች ክፍተት ይፈልጋሉ፣ ይደራጃሉ፣ ይከራከራሉ ብለው። ስለዚህ ማኪያቶ ሊጠጣ የወጣውን ባልደረባሽን ከወረቀቱ አታስወጪው። የክፍል ኃላፊዎቹ አሻራ የማይሰጡ ከሆነም ጻፊው፤ ማን እንደሚታይና ማን እንደማይታይ የሥልጣኑ ቅርጽ ነው።

አሁን ከዚህ በላይ ቲዎሪ አታንብቢ። ዝርዝሩ መለጠፍ የጀመረው ከስንተኛው ወር እንደሆነ አጣሪ። ከዚያ በፊት ማሽኑ ብቻውን ሳለ ሰዎች እንዴት ይገቡ እንደነበር፣ ከተለጠፈ በኋላ ምን እንደተለወጠ ሁለት ሦስት ባልደረቦችሽን ጠይቂና ጻፊልኝ።