መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ መጀመር የለብንም

ድሬዳዋ ውስጥ ትልቅ አፕዴት የሚያወርድ ሰው ሁሉ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው ብሎ ያማርራል። እኔን ግን ከቀርፋፋነቱ በላይ የሚያበግነኝ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዳውንሎዱ እንደ አዲስ መጀመሩ ነው። መጠበቁን እንኳ ለምደነዋል።

ሒሳቡን እንየው። ከዚራ ያለ አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ 4 ጊጋባይት አፕዴት ማውረድ ጀመረ እንበል። መስመሩ በሰከንድ 250 ኪሎባይት ያወርዳል፤ ፋይሉ ለማለቅ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል። በሦስተኛው ሰዓት መብራት ሄደ። እስከዚያ 2.7 ጊጋባይት ወርዷል። ካቆመበት ከቀጠለ የቀረው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ካልቀጠለ ሌላ አራት ሰዓት ተኩል ይጠብቀዋል፣ ያውም መብራቱ ደግሞ ካልሄደ! በሞባይል ጥቅል ከሆነ ደግሞ 2.7 ጊጋው በከንቱ ተበላ።

መቀጠል የሚቻለው እንዲህ ነው። ማውረጃው ፕሮግራም ዲስኩ ላይ ምን ያህል ባይት እንዳለ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ እንዲልክለት ሰርቨሩን ይጠይቃል፦

```
Range: bytes=2700000000-
```

ሰርቨሩ 206 ብሎ ከመለሰ ቀሪውን እየላከ ነው። 200 ካለ ግን ጥያቄውን ችላ ብሎ ከመጀመሪያው እየላከ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ሳይጀመር ሊንኩን መፈተሽ ይሻላል፦

```
curl -I ሊንኩ
wget -c ሊንኩ
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ መልስ ውስጥ `Accept-Ranges: bytes` ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል። ሁለተኛው ያወርዳል፤ ሲቋረጥ እዚያው ፎልደር ውስጥ ያንኑ ትእዛዝ መድገም ነው።

ግን `wget -c` የሚያየው የፋይሉን መጠን ብቻ ነው። በመሃል ፋይሉ በአዲስ ቨርዥን ከተተካ፣ የአሮጌውን ራስ ከአዲሱ ጭራ ጋር ሰፍቶ ያስረክባችኋል። መብራት ድንገት ሲጠፋም የመጨረሻው ጥቂት ዳታ ዲስኩ ላይ በትክክል ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። መጠኑ ልክ ነው፣ ውስጡ ግን ተበላሽቷል። ይህን የሚያጋልጠው ከፋይሉ ይዘት መለያ ቁጥር የሚያሰላው `sha256sum` ነው፤ የሚያወጣው ቁጥር አቅራቢው ከጻፈው በአንዲት ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉን አትጫኑት።

ቅሬታዬ ታዲያ ፋይሉን በሚለጥፉት ላይ ነው። አንዳንዶቹ የሚሰጡት ሊንክ በአንድ ሰዓት ይሞታል። የተጀመረው ዳውንሎድ ብዙውን ጊዜ እስኪያልቅ ይሄዳል፤ ከተቋረጠ በኋላ ግን ሰርቨሩ 403 ብሎ በሩን ይዘጋል። እነሱ ጋ ፋይሉ በደቂቃዎች ስለሚወርድ ችግሩ አይታያቸውም። ሊንኩ ቢያንስ ሁለት ቀን ይቆይ። በፋይሉ ስም ላይ የቨርዥን ቁጥሩ ይጻፍ፤ አዲሱ ሲወጣም አሮጌው ላይ አይጫን፣ ለብቻው ይቀመጥ። የ`sha256sum` ቁጥሩም ከሊንኩ አጠገብ ይለጠፍ።