የድሬዳዋ ወገኖቼ፣ ጥማችሁን በስኳር አትቁረጡ

የድሬ ሰዎች ሆይ፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ውኃ እያለ ለስላሳ ማስከፈታችሁን፣ በርጫ ላይም የጫቱን ምሬት በአንዱ ጠርሙስ ላይ ሌላ እየደገማችሁ ማጠባችሁን እንደ ቀላል ነገር ቆጥራችሁታልና፣ ስንት ስኳር እንደምትጠጡ አብረን እናስላ።

አብዛኛው ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ወደ 10.6 ግራም ስኳር አለው። ስለዚህ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ ወደ 32 ግራም፣ ማለትም ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ የግማሽ ሊትሩ ፕላስቲክ ደግሞ ወደ 53 ግራም ይይዛል። ሻያችሁ ላይ ስምንት ማንኪያ ስኳር ቢጨመርባችሁ አስተናጋጁን ትቆጡ ነበር፤ ለስላሳው ላይ ዝም የምትሉት አሲዱና ቅዝቃዜው ጣፋጭነቱን ስለሚሸፍኑት ነው። ፀሐይ ላይ ቆይቶ ጋዙ የወጣውን ቅመሱትና ልዩነቱን ምላሳችሁ ይነግራችኋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የተጨመረ ስኳር፣ ማርና የጭማቂ ስኳር ተደምረው በቀን ከምናገኘው ኃይል ከአንድ አሥረኛ ማነስ አለባቸው፤ ይህም በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበቃው አዋቂ 50 ግራም ነው። ከተቻለ ግን ወደ 25 ግራም ዝቅ ማለቱ የተሻለ እንደሆነ ያው መመሪያ ይመክራል። ሙሉ ፍሬ ውስጥና ወተት ውስጥ ያለው ስኳር በዚህ ሒሳብ አይገባም፤ ስለዚህ በማንጎና በፓፓያ አታሳብቡ። እንግዲህ በርጫ ላይ ሁለት ጠርሙስ የጠጣ ሰው ሻዩ ሳይቆጠር 64 ግራም ደርሷል።

የልጅ ድርሻ ደግሞ ከዚህ ያንሳል። የአምስት ዓመት ልጅ በቀን ወደ 1200 ካሎሪ ቢበቃው ጣሪያው 30 ግራም ነው። እናንተ ግን ለትምህርት ቤት 200 ሚሊ ሊትር የታሸገ ጁስና 50 ግራም ብስኩት ታስይዙታላችሁ። በጁሱ ላይ በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም፣ በብስኩቱም ላይ በ100 ግራም 22 ግራም ተብሎ ከተጻፈ፣ ልጁ ገና በእረፍት ሰዓት 33 ግራም ጨርሷል ማለት ነው። ደግሞ «በአንድ ጊዜ የሚበላ» ተብሎ የተጻፈው አነስተኛ ቁጥር አያታልላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ሁለትና ሦስት ፍሬ ብስኩት እንጂ ስለ ፓኬቱ አይደለም። ግሉኮስ ሲሮፕና ዴክስትሮዝ ተብለው የተጻፉትም ያው ስኳር ናቸው።

ይበልጥ የምወቅሰው ግን ሕፃን ሲያለቅስ ለስላሳ በጡጦ የሚሰጠውን ነው። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ የሚፈቀድ የተጨመረ ስኳር የለም፤ ጡጦውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቢተኛ ደግሞ የአፍ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ እየለወጡ የላይኛዎቹን የፊት ጥርሶች ገና በወተት ጥርስነታቸው ይበሏቸዋል። ለስላሳውን አፍሱትና በዚያው ጡጦ እንደ ዕድሜው ወተቱን ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ስጡት።