የእምቦጭ ድርሰትና ሁለት ዓይነት አማርኛ

«ጋሼ፣ መምህሬ ‹የንግግርና የጽሑፍ ቋንቋ ተቀላቅሎብሃል፣ ቃልም ትደጋግማለህ› ብሎ ድርሰቴን መለሰልኝ። የቱ ጋ እንደሆነ ግን አልነገረኝም። እስቲ ይዩልኝ።»

ጠያቂው የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ድርሰቱን አብረን አየነው። የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«ጣና በኢትዮጵያ ውስጥ የሚገኝ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን በውስጡም ብዙ ደሴቶች የሚገኙበት ሲሆን ገዳማትም ይገኙበታል። በአሁን ሰዓት ግን እምቦጭ የሚባል የሆነ አረም ሐይቁን ወሮታል። ዓሣ አጥማጆቹም ደሞ ተቸግረዋል፤ ምክንያቱም አረሙ መረቡን ስለሚይዝባቸው ነው። ስለዚ መንግሥትም ኅብረተሰቡም ርብርብ ማድረግ ይጠበቅበታል ማለት ነው።»

ድግግሞሽ ስፈልግ መጀመሪያ የማየው ግሱን ነው። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ከአራት ነጥቡና ከ«ሲሆን»ው ትንሽ ወደ ኋላ እያሉ ማስመር ይበቃል። ልጁ እርሳስ ይዞ አሰመረ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «የሚገኝ»፣ «የሚገኙበት»፣ «ይገኙበታል» ተሰልፈው ወጡ። ገረመው። ቀደም ብሎ ስልኩ ላይ «የሚገኝ» ብሎ ሲፈልግ አንድ ብቻ ነበር የመጣለት። ቃሉ ሲረባ ፊደሉም ኝ፣ ኙ፣ ኛ እያለ ስለሚለወጥ፣ ፍለጋው ሌሎቹን አያውቃቸውም። ይህን የሚይዘው ዓይን ነው፤ ጮክ ብለው ሲያነቡት ደግሞ ጆሮ።

ልጁ ወዲያው አንዱን «የሚገኙበት» አጥፍቶ «ያሉበት» ሊል ነበር። እዚህ ላይ አልተስማማሁም። ችግሩ ቃሉ አይደለም፤ «ሲሆን» ሦስት ሐሳብ አንድ ላይ መስፋቱ ነው። ስፌቱን ስንፈታው «ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። በደሴቶቹ ላይ ጥንታዊ ገዳማት አሉ።» ሆነ። ሦስቱም «መገኘት» ጠፉ፤ የቀረ ነገር ግን የለም።

በሌላ በኩል፣ መደጋገም የነበረበትን ቃል ሸሽቶታል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ እምቦጭን አንዴ «መጤው ጠላት»፣ አንዴ «አረንጓዴው ወራሪ» ብሎታል። አንባቢው ስንት አረም ነው የመጣው ብሎ ግራ ይጋባል። የነገሩ ስም ይደጋገም፤ እምቦጭ እምቦጭ ነው። ስሙ ካልተፈለገም አማርኛ መዝለል ያስችላል። «ወሮታል» ስንል ወራሪውም የተወረረውም ግሱ ውስጥ አሉ።

የንግግሩን አማርኛ ማግኘት ቀላል ነበር። «ደሞ» እና «ስለዚ» ሲጻፉ «ደግሞ» እና «ስለዚህ» ናቸው። «የሆነ አረም» ላይ «የሆነ» ይውጣ፤ «የሚባል» ይበቃዋል። መጨረሻ ላይ ያለው «ማለት ነው» የሚያብራራው ነገር የለም፤ በአፍ ስንናገር ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላው ወገን ነው። ልጁ «በአሁን ሰዓት» እና «ርብርብ ማድረግ ይጠበቅበታል» የሚሉትን በጣም ይወዳቸዋል። ከዜናና ከስብሰባ የመጡ ናቸው። ብዙ አራሚዎች «ደሞ»ን በቀይ አክብበው እነዚህን ያልፏቸዋል፤ ከፍ ያለ አማርኛ ይመስሏቸዋልና። መቀላቀሉን የሚያብሰው ግን ይህ ነው። ሰፈርና የስብሰባ አዳራሽ አንድ አንቀጽ ላይ ተገናኝተው፣ የልጁ የራሱ ድምፅ ጠፋ። የተወደደው ሐረግ ስሕተትም ደብቋል፦ መንግሥትና ኅብረተሰብ ሁለት ናቸው፤ «ይጠበቅበታል» ግን ለአንድ ነው። «ርብርቡ ምን ማድረግ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «መንቀል ነዋ!» አለኝ። እሱኑ ጻፈው።

«ምክንያቱም… ስለሚይዝባቸው ነው» የሚለው ደግሞ ምክንያትን ሁለቴ ይናገራል። አንዱ ይበቃል። አንቀጹ በመጨረሻ ይህን መሰለ፦

«ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። በደሴቶቹ ላይ ጥንታዊ ገዳማት አሉ። ዛሬ ግን እምቦጭ የሚባል አረም ወሮታል። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ስለሚይዝባቸው ተቸግረዋል። መንግሥትም ኅብረተሰቡም አረሙን ሳይሰለቹ መንቀል አለባቸው።»

አንድ ነገር ብቻ ወደ ንግግር እንዲመልስ ነገርኩት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ «በአረሙ መስፋፋት ምክንያት መረቤን ለማጣት ተገድጃለሁ» ይላል። «ሰውዬው እንዲህ አሉህ?» አልኩት። ሳቅ አለና «‹መረቤን አረም በላብኝ› ነው ያሉኝ» አለ። ትእምርተ ጥቅሱን ከፍቶ እንዳሉት አድርጎ ጻፈው።